ልብ በወንበር ላይና ልብ በዳገት ላይ



በጠረጴዛ ሥራ ላይ ውሎ የሚገባ ሰው ስለ ልቡ የሚያውቀው ነገር ቢኖር፥ ሐኪም ዘንድ በሄደ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነገረው ነው። «የልብ ምትዎ በደቂቃ 70 ነው፤ ደኅና ነው» ይባላል፤ እርሱም ደስ ብሎት ወደ ቢሮው ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህ ልኬት የተወሰደው ልብ ከችሎታው ትንሹን ክፍል ብቻ በሚሠራበት ሰዓት ነው። ምንም ያልተጫነበትን ድልድይ አይቶ ጠንካራ ነው ብሎ መፍረድ እንደማይቻል ሁሉ፥ ልብንም በዕረፍቱ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ሰውነት ዐርፎ ሲቀመጥና ረዘም ላለ ጊዜ ሳያቋርጥ ሲሠራ በልብ፥ በሳንባና በጡንቻ ዘንድ የሚደረገውን ለውጥ እንመለከታለን። ይህን የምናደርገው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ወንበሩ ላይ ሳለ ምንም የማይሰማው፥ ጥቂት ዳገት ሲወጣ ግን ደረቱን ጫን የሚያደርገው፥ ቆም ሲል ደግሞ የሚተወው ሰው በመካከላችን አለ። ሕመሙ ስለተወው ብቻ «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ለምን በዳገት መጥቶ በዕረፍት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

ለምሳሌ እንዲሆነን ዕድሜው 40 ዓመት፥ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ፥ ጤናማ ነገር ግን እንቅስቃሴ የማያበዛ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ይህ ሰው ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ፥ ከዚያም ወደ እንጦጦ ግርጌ 40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ ይራመዳል እንበል። አስቀድመን ግን ገና ወንበሩ ላይ ሳለ እንየው።

ማንኛውም የሰውነት ክፍል በሕይወት ለመቆየት ኦክሲጂን የተባለውን የአየር ክፍል ይፈልጋል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ሰውነቱ የሚፈጀው ኦክሲጂን በደቂቃ ሩብ ሊትር፥ ማለት 250 ሚሊሊትር ያህል ነው። ይህን የሚያመላልሰው ደም ነው። ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊሊትር ያህል ደም ይገፋል። ሁለቱን ብናባዛ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ደም በየደቂቃው ይመላለሳል ማለት ነው። አንድ ሊትር ደም ከሳንባ ሲወጣ 200 ሚሊሊትር ያህል ኦክሲጂን ተሸክሟል። ሰውነቱ ከዚህ የሚወስደው ግን 50ውን ብቻ ነው፤ 150ው እንደ ተጫነ ወደ ልብ ይመለሳል።

ይህ ነገር እህል ጭነው ወደ ገበያ የሚመላለሱ አህዮችን ይመስላል። ገበያው በቀዘቀዘበት ቀን እያንዳንዱ አህያ ከጭነቱ ሩቡን ብቻ አራግፎ ሦስት እጁን ይዞ ይመለሳል። ገበያው የደራ እንደ ሆነ ግን ነጋዴው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አህዮቹን ቶሎ ቶሎ ማመላለስ ነው። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ አህያ የሚራገፈውን ጭነት ማብዛት ነው። ሰውነትም ያለው መንገድ እነዚሁ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ወይ ደሙን ማፍጠን፥ ወይ ከደሙ የሚወሰደውን ማብዛት። ይህን ሒሳብ አጥርቶ ያስቀመጠው አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ሲሆን፥ በዉርትስቡርግ ከተማ ለነበረ የሊቃውንት ማኅበር ያስታወቀውም በ1870 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የሚፈጀው ኦክሲጂን መጠን የሚመላለሰው ደም ከእያንዳንዱ ሊትር ደም በሚወሰደው ኦክሲጂን ተባዝቶ ይገኛል፤ የሕጉ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

እንግዲህ ሰውየው ዳገቱን ይጀምር። የመጀመሪያውን እርምጃ እንዳነሣ፥ ጡንቻው ገና ምንም ሳይጎድልበት፥ ልቡ መፍጠን ይጀምራል፤ ትንፋሹም ይጨምራል። ይህ የሚሆነው አንጎል እግርን እንዲንቀሳቀስ በሚያዝበት ጊዜ ለልብና ለመተንፈሻ አካል አብሮ ስለሚያስታውቅ ነው። በዕረፍት ጊዜ ልብን ይዞ የሚያዘገይ ነርቭ አለ፤ ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የሚሆነው የዚህ ነርቭ ልጓም መላላት ነው።

ሆኖም ደሙ በአንድ ጊዜ ሊደርስ አይችልም። የሰውነቱ ፍላጎት ወዲያው ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ የሚደርሰው ኦክሲጂን ግን ቀስ በቀስ እየጨመረ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በዚህ መካከል ጡንቻው ሥራውን የሚሠራው በብድር ነው። በውስጡ ካስቀመጠው ጥቂት የኃይል ስንቅ ይወስዳል፤ ስኳርንም ያለ ኦክሲጂን እየሰባበረ ላክቲክ አሲድ የተባለውን ነገር ያመነጫል። በእኛ ሰው ዘንድ የዚህ ብድር ልክ ከአንድ ሊትር ኦክሲጂን ትንሽ ያንሳል። በዳገት መጀመሪያ ላይ እግር የሚከብደውና ትንፋሽ አልበቃ የሚለው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልሆነልኝም» ብሎ ይቆማል፤ ጥቂት ቢታገሥና እርምጃውን ትንሽ ቢያቀዘቅዝ ግን ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ነገሩ ይቀልለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሚዛን ጊዜ ነው። የሚፈለገውና የሚደርሰው ኦክሲጂን እኩል ይሆናሉ። አሁን ሰውየውን ብንለካው በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ኦክሲጂን ይፈጃል። ልቡ በደቂቃ 125 ጊዜ ይመታል፤ በአንድ ምት የሚገፋውም ደም ከ70 ወደ 100 ሚሊሊትር ከፍ ብሏል። ስለዚህ የሚመላለሰው ደም 12 ሊትር ተኩል ነው። ከእያንዳንዱ ሊትርም እንደ ቀድሞው 50 ሳይሆን 120 ሚሊሊትር ኦክሲጂን ይራገፋል። አሥራ ሁለት ተኩሉን በ120 ቢያባዙት በትክክል 1500 ሚሊሊትር ይሆናል፤ ሒሳቡ ዘጋ ማለት ነው። ልብ ብለው ቢመለከቱ፥ ሰውነቱ ስድስት እጥፍ ያገኘው ልቡን ስድስት እጥፍ አስሩጦ አይደለም። ደሙ የጨመረው ሁለት እጥፍ ተኩል ብቻ ነው፤ የቀረውን የሞላው ከጭነቱ አብልጦ በማራገፍ ነው።

ይህ ደም ወዴት እንደሚሄድም ማወቅ ይጠቅማል። በዕረፍት ጊዜ ወደ ጡንቻዎች የሚሄደው ከአምስቱ ሊትር አንዱ ያህል ነው፤ ሆድ ዕቃና ኩላሊት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይካፈላሉ። በዳገቱ ላይ ግን ወደ ሆድ ዕቃና ወደ ኩላሊት የሚወስዱት ሥሮች ይጠብባሉ፤ የሚሠራው ጡንቻ ሥሮች ደግሞ ይከፈታሉ። ጡንቻዎቹ ብቻቸውን ስምንት ሊትር ያህል ይወስዳሉ። የአንጎል ድርሻ ግን እንደ ነበረ ይቆያል። ከከባድ ምሳ በኋላ ወዲያው ዳገት መውጣት የሚያስጨንቀው ሆድም ጡንቻም ደሙን በአንድነት ስለሚፈልጉት ነው።

ወደ ሳንባው እንመለስ። በወንበሩ ላይ ሳለ ሰውየው በደቂቃ 14 ጊዜ ያህል ይተነፍስ ነበር፤ በእያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይስብ ነበር። አሁን 25 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚስበውም ወደ ሁለት ሊትር ተጠግቷል። ስለዚህ በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ አየር ይገባል፤ ይወጣልም። ብዙ ሰው ሲያለከልክ ሳንባዬ አነሰኝ ይላል። በጤናማ ሰው ዘንድ ግን እጥረቱ ያለው ከሳንባው ላይ አይደለም። ሳንባ ከዚህ እጥፍ የሚሆን አየር ሊያስገባ ይችላል፤ ቀድሞ ከወሰኑ የሚደርሰው ልብ ነው። ደግሞም ትንፋሽን ይበልጥ የሚያፋጥነው የኦክሲጂን ማነስ ሳይሆን፥ መውጣት የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው የተቃጠለ አየር መብዛቱ ነው።

እዚህ ላይ የከተማችንን ከፍታ መዘንጋት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጂን ክፍል ያው ነው፤ ነገር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ኦክሲጂን ለማግኘት የበለጠ መተንፈስ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ ወይም ከአሰብ በቅርቡ የመጣ ሰው ያንኑ ዳገት ሲወጣ ልቡ ከእኛ ሰው ይልቅ የሚመታው፥ ደሙ ገና ከስሱ አየር ጋር ስላልተላመደ ነው።

አሁን ስለሚቃጠለው ነገር እንናገር፤ ኦክሲጂን ብቻውን ሥራ አይሠራምና። አንድ ሊትር ኦክሲጂን ሲፈጅ አምስት ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ኃይል ይገኛል። ስለዚህ ሰውየው በወንበሩ ላይ በደቂቃ አንድ ኪሎ ካሎሪ ከሩብ፥ በዳገቱ ላይ ደግሞ ሰባት ተኩል ያህል ያወጣል፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ 300 ያህል ማለት ነው። ማገዶው ሁለት ዓይነት ነው፤ ስኳርና ስብ። በደም ውስጥ በማናቸውም ሰዓት የሚገኘው ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። ይህ በጥቂት ደቂቃ ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን ጉበት ካከማቸው እያወጣ ይተካዋል፤ ጡንቻም የራሱ ክምችት አለው። ስቡ ግን ብዙ ነው፤ በቀጭን ሰው እንኳ ለብዙ ቀን ጉዞ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስኳሩ ይበዛል፤ ሰውየው በተረጋጋ እርምጃ እየቀጠለ ሲሄድ የስቡ ድርሻ እያደገ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ግን ኦክሲጂን በበቂ ሲደርስ ነው፤ ስብ ያለ ኦክሲጂን አይቃጠልምና።

ሰውየው በዚህ ሚዛን ሳይረካ ሩጫ ቢጀምር ምን ይሆናል? በጡንቻው ውስጥ ላክቲክ አሲዱ ከሚወገደው ይልቅ የሚመረተው ይበዛል። ደሙ አሲዱን ለማስታገሥ ሲል ተጨማሪ የተቃጠለ አየር ይፈጥራል፤ ሳንባም ይህን ለማስወጣት ይጣደፋል። በዚህ ጊዜ ትንፋሹ ከሥራው መጠን በላይ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በሚዛን ላይ ያለ ሰው ከባልንጀራው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገረ ይሄዳል፤ ከሚዛን ያለፈ ሰው ግን ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሹን ይቈርጣል። የረጅም ሩጫ ጥበብም በዚሁ ወሰን ላይ መቆየት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮም ከ42 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የፈጸመው፥ ለሌላው ሰው የጥቂት ደቂቃ ሩጫ የሆነውን ፍጥነት ለእርሱ ሚዛኑ ስለነበረ ነው።

በሚዛን ላይ ሆኖም ቢሆን ነገሩ ሁሉ እንደ ቆመ አይቀርም። ከሚወጣው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው አንድ አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱን ለማስወጣት ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ ላብም ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ትንሽ ስለሚቀንስ በአንድ ምት የሚገፋው ያንሳል፤ ልቡም ይህን ለማሟላት ምቱን ይጨምራል። ስለዚህ ሰውየው እርምጃውን ሳይለውጥ በአሥረኛው ደቂቃ 125 የነበረው በአርባኛው 135 ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም። በፀሐይ ሰዓትና ውኃ ሳይጠጡ ሲሄዱ ይህ ጭማሪ ይበረታል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ወደ አንድ ዋና ነገር ያደርሰናል። ልብ ራሱ ጡንቻ ነው፤ ለራሱም ኦክሲጂን ይፈልጋል። ነገር ግን ከሌላው ጡንቻ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የእግር ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ ከደሙ ሩቡን ያህል ብቻ ወስዶ የቀረውን ለክፉ ቀን ይተዋል። ልብ ግን ለአፍታ እንኳ ስለማያርፍ፥ እኛ በተቀመጥንበት ሰዓት እንኳ ከሚደርሰው ደም ከአራት ሦስት እጁን ያህል ኦክሲጂን ይወስዳል። በገበያው ምሳሌ ብንናገር፥ ወደ ልብ የሚሄዱት አህዮች አስቀድሞም ጭነታቸውን አራግፈው ጨርሰዋል። ስለዚህ ሥራ ሲበዛበት ልብ ሁለተኛው መንገድ የለውም። ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የራሱ ሥሮች ተከፍተው ብዙ ደም እንዲያሳልፉለት።

እነዚህ ሥሮች በውስጣቸው ስብ ተጋግሮባቸው የጠበቡ እንደ ሆነ አደጋው እዚህ ላይ ይገለጣል። የሥሩ ስፋት በግማሽ ቢጠብ እንኳ ለዕረፍት ጊዜ የሚበቃ ደም ያልፋል። ሰውየው ይቀመጣል፥ ይጽፋል፥ ይፈርማል፤ ምንም አይሰማውም፤ ተቀምጦ የተለካው ምቱም ደኅና ነው። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ልብ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ደም ይጠይቃል፤ የጠበበው ሥርም ይህን አያሳልፍም። የተራበው የልብ ጡንቻ በደረት መካከል እንደ ሸክም የሚጫን ወይም የሚጨመቅ ስሜት ያሳያል፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ ግራ ክንድ፥ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ይዘልቃል። ሰውየው ቆም ሲል የልቡ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሕመሙም በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። እንግዲህ ሕመሙ በዕረፍት መሄዱ የደኅንነት ምልክት አይደለም፤ ይልቁንም የጠበበ ሥር መኖሩን ከሚያመለክቱት ነገሮች ዋነኛው ነው። በአንዳንድ ሰው፥ በተለይም በሴቶችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ፥ የደረት ሕመም ሳይኖር ከልማድ የወጣ የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል።

ከጤናማው ድካም የሚለይበት መንገድ እነሆ። ጤናማ ድካም በእግርና በትንፋሽ ላይ ይሰማል፤ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላም ይቀላል። የልብ ሕመም ግን ዘወትር በዚያው በተወሰነ የሥራ ልክ፥ በዚያው ዳገት ላይ ይመጣል፤ ቢገፉበት ይብሳል እንጂ አይቀልም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ለሐኪሙ «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ መናገር አይበቃውም፤ ምን ያህል ዳገት ሲወጣ እንደሚጀምረው፥ ስንት ደቂቃ ቆሞ እንደሚለቀው ማስረዳት አለበት። ሐኪሙም ተቀምጦ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ሳለ ልቡን ሊመረምርለት ይችላል። በዕረፍት የማይለቅ፥ ወይም ያለ ሥራ የመጣ የደረት ጫና ግን ለነገ የሚቆይ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያሻል።

ደኅና የሆነ ሰውም ቢሆን ልቡን በዳገት ሊመረምር ይችላል። ጉዞውን እንደ ጨረሱ ወዲያው ሁለት ጣትዎን በእጅ አንጓዎ ላይ አድርገው የ15 ሴኮንድ ምት ይቁጠሩ፤ በአራትም ያባዙት። ለምሳሌ 31 ቢቈጥሩ 124 ማለት ነው። ነገር ግን በሚቈጥሩበት ጊዜ እንደ ግንድ አይቁሙ፤ በዝግታ ይራመዱ። በሥራ ጊዜ የእግር ጡንቻ በተጨማደደ ቊጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ በድንገት ሲቆሙ ደሙ በተከፈቱት የእግር ሥሮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንጎልም ደም ያጥረውና ራስን ያዞራል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደ ገና ይቁጠሩ። ምቱ ቢያንስ 12 ያህል መውረድ ይገባዋል፤ በጤናማ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ትንፋሹ ግን ወዲያው አይመለስም፤ በመጀመሪያ የተበደረውን እየከፈለ ነውና። ልብን የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ቊጥር አይመራ፤ ምቱ በመድኃኒቱ ተይዟልና።

ያው የእኛ ሰው ይህን ዳገት በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ሦስት ወር ያህል ቢመላለስበት፥ በዚያው እርምጃ ሲሄድ የሚፈጀው ኦክሲጂን ያው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ዳገቱ አልተለወጠምና። የሚመላለሰውም ደም ከ12 ሊትር ተኩል ብዙ አይርቅም። ነገር ግን የደሙ መጠን ስለሚጨምርና ልቡ ይበልጥ ሞልቶ ስለሚገፋ፥ በአንድ ምት 100 የነበረው ወደ 113 ሚሊሊትር ቢደርስ፥ ያንኑ ሥራ በ125 ምት ፋንታ በ110 ይፈጽመዋል። ይህ የ15 ምት ቅናሽ ተራ ነገር አይደለም። ልብ የራሱን ደም በአመዛኙ የሚያገኘው በሚጨማደድበት ጊዜ ሳይሆን በሁለት ምት መካከል በሚላላበት ጊዜ ነው። ምቱ በቀነሰ ቊጥር ይህ የመላላት ጊዜ ይረዝማል፤ ልቡም ራሱን ለመመገብ ፋታ ያገኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የቈጠሩትን ምት ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው መንገድና በዚያው እርምጃ ሄደው የቈጠሩት ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ፥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልብ ሊነግርዎ ያልቻለውን ነገር ይነግርዎታል።